ዓመት ይቅደም

«ጉዳዩ፦ የጋራ ፕሬዘንቴሽኖችን ቴምፕሌትና የፋይል አሰያየም ይመለከታል» ይላል ደብዳቤው። ቡድን መሪያችን ሲያወሩ ቀልደኛ ናቸው፤ ደብዳቤ ሲጽፉ ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይናገርባቸዋል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆም አልኩ። የፋይል ስም በቀን ይጀምር፤ ዓመት ይቅደም፣ ወር ይከተል፣ ዕለቱ መጨረሻ ይምጣ ይላል።

እኛ በአኃዝ ስንጽፍ ከዕለቱ እንጀምራለን፤ 05/11/2017። እዝባሩን ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበለውም። በሰረዝ ብንተካው ደግሞ ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ የየወሩ 5ኛ ቀን አንድ ላይ ይሰበሰባል፤ የመስከረሙ ከሐምሌው ጎን ይቀመጣል። ዓመቱ ከቀደመ ግን የስሙ ቅደም ተከተልና የጊዜው ቅደም ተከተል አንድ ይሆናል።

ይህ ሁሉም በአንድ የዘመን አቆጣጠር ከጻፈ ነው። የኛ ፎልደር ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ተከታትለው ተቀምጠዋል፦

```
2017-11-05_በጀት_v02.pptx
2025-07-01_በጀት_v01.pptx
```

የታችኛው ሰኔ 24 ቀን 2017 የተሠራ ነው፤ ከላይኛው በ11 ቀን ይቀድማል። ለአዲስ ሠራተኛ ግን ላይኛው የፈረንጆቹ ኖቬምበር 2017፣ ማለትም የስምንት ዓመት ያህል አሮጌ ፋይል ይመስለዋል። ስለዚህ ደብዳቤው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ይጻፍ ይላል፤ የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 የሚጀምር በመሆኑ ያስኬዳል። «ጳጉሜንስ?» ብሎ የጠየቀ ነበር። 2017-13-05 ለካላንደር ፕሮግራም ስሕተት ነው፤ በስም ለሚደረድር ኮምፒውተር ግን ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከነሐሴ በኋላ ቦታውን ይይዛል።

ቴምፕሌቱን በተመለከተ ደብዳቤው አጭር ነው፤ ጣጣው ግን እዚያ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል የሚያሳዩት በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ደርበው ነበር። በእነሱ የተጻፈ ስላይድ አዲሱን ቴምፕሌት ሲለብስ ፎንቱ ከተቀየረ «የሥራ ዕቅድ» የነበረው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የድሮው ፎንት ሲመለስለት ይነበባል። በአዲሱ ቴምፕሌት እንዲነበብ ግን ወደ ዩኒኮድ በመቀየሪያ ማለፍ ወይም እንደገና መተየብ ይኖርበታል። ይህን ደብዳቤው አላነሳውም፤ ቢያነሳው ጥሩ ነበር።

የመጨረሻውን መስመር ግን ወደድኩላቸው፦ የቆዩ ፋይሎችን ስም አትቀይሩ። ስላይዶቻችን ላይ ያሉት ብዙዎቹ ግራፎች ከኤክሴል ፋይል ጋር የተያያዙት በፋይሉ ስምና መገኛ ነው። ኤክሴሉን ስሙን የቀየረ ሰው ወዲያው ምንም አይታየውም፤ ግራፉ የድሮውን ቁጥር ይዞ እንደተቀመጠ ነው። ግንኙነቱ መቋረጡ የሚታወቀው ቁጥሩን ለማደስ ሲሞከር ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባው ሊጀመር ሲል ነው።