ያለ ስም የደረሰ አማና

በ2016 ዓ.ም. ኖትኮይን፣ በ2017 መባቻ ደግሞ ሐምስተር ኮምባት ለተጫዋቾቻቸው ሳንቲም ሲያድሉ፣ ከዶርማችን ቴሌግራሙን ያልነካካ ጥቂት ነበር። በዚያ ሰሞን ብዙዎቻችን “ዋሌት” እና “ኤክስቼንጅ” የሚሉትን ቃላት ለመድን። ዛሬ የማነሳው ከዚያ ወዲህም ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ችግር ነው።

የክፍሌ ልጅ የከላላ ሰው ነው። እርሱና ሦስት የሀገሩ ልጆች ያላቸውን አጠራቅመው 24 ቶንኮይን ሆነላቸውና እርሱ እንዲሸጥላቸው አደራ ሰጡት። ከስልኩ ዋሌት ወደ ኤክስቼንጅ ላከው። ዋሌቱ “ተልኳል” አለ፤ የኤክስቼንጁ ሒሳብ ግን ዜሮ። ሁለት ቀን ቢጠብቅም ያው ነው። የሦስቱ ልጆች ገንዘብ በእጁ ላይ የጠፋ መስሎት እንቅልፍ አጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከላላ በሶ በአውቶቡስ ሲላክልን ፌስታሉ ላይ ስማችን ካልተጻፈ ግቢው በር ድረስ ይመጣል፤ ጥበቃው ግን የማን እንደሆነ አያውቅም። በሶው አልጠፋም፤ ባለቤቱ አልታወቀም እንጂ። ኤክስቼንጆችም በቶን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለደንበኞቻቸው ሁሉ አንድ አድራሻ ይጠቀማሉ፤ አንዱን ደንበኛ ከሌላው የሚለዩት አብሮ በሚላክ አጭር ቁጥር ነው። ኤክስቼንጁ ላይ Memo ይባላል፤ ዋሌቱ ላይ ግን Comment ተብሎ ይታያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ “አስተያየት ምን ያደርግልኛል” ብሎ ባዶውን ይተወዋል። በኤክስአርፒ ደግሞ ይኸው ነገር Destination Tag ይባላል።

መጀመሪያ ያደረግነው ገንዘቡ የት እንዳለ ማጣራት ነበር። የዋሌቱን ታሪክ ከፍተን የግብይቱን መለያ፣ ሃሽ የሚባለውን ረጅም ጽሑፍ፣ ቀዳን። ከዚያ tonviewer.com ላይ ለጠፍነው። ሦስት ነገር አየን፦ ግብይቱ ተሳክቷል፣ ተቀባዩ አድራሻ ኤክስቼንጁ ከሰጠው ጋር አንድ ነው፣ የማስታወሻው ቦታ ባዶ ነው። ሦስቱ ከተገኙ ገንዘቡ ኤክስቼንጁ እጅ ነው ማለት ነው። ግብይቱ ካልተሳካ ወይም አድራሻው ከተለየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አንዴ በተላከ ግብይት ላይ ማስታወሻ መጨመር አይቻልም፤ ደግሞ መላክም የፊተኛውን አያስመዘግብም።

ጓደኛዬ ቀድሞ ለኤክስቼንጁ “ገንዘቤ አልገባም፣ እባካችሁ” ብሎ ጽፎ ነበር፤ ምላሽ አላገኘም። በእርዳታ ገጹ ውስጥ ያለ ማስታወሻ ለተላከ ገቢ የተዘጋጀ ቅጽ አገኘንና በዚያ አመለከትን። የሞላነው ይህን ነው፦ ሳንቲሙ ቶን፣ መጠኑ 24፣ ሃሹ፣ የተላከበት አድራሻ፣ መጻፍ የነበረበት የእርሱ Memo ቁጥር፣ እንዲሁም የዋሌቱን ታሪክ የሚያሳይ ስክሪንሾት። ላኪው እርሱ ለመሆኑ ማረጋገጫ ሲጠይቁት ከዚያው ዋሌት ትንሽ መጠን፣ አሁን በትክክለኛው Memo፣ እንዲልክ አዘዙት። ይህን ትእዛዝ ያየው በራሱ በኤክስቼንጁ መተግበሪያ ውስጥ ነው። ከሌላ ኤክስቼንጅ የተላከ ቢሆን ኖሮ ሃሹን ከላኪው ኤክስቼንጅ የወጪ ታሪክ ማውጣት ነበረበት። በስድስተኛው ቀን 23 ቶን ተመዘገበለት፤ አንዱን ለአገልግሎት ቆረጡ። ክፍያውም ጊዜውም በየኤክስቼንጁ ይለያያል፤ ከተወሰነ መጠን በታች የሆነውን የማይመልሱም አሉ። ባዶ ሳይሆን የሌላ ደንበኛ ቁጥር ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ በዚያ ሰው ሒሳብ ስለሚገባ ማስመለሱ እጅግ ይከብዳል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን በመሐል የመጣው ነው። ችግሩን በአንድ የቴሌግራም ቡድን በጻፈ በደቂቃዎች ውስጥ “ሠራተኞች ነን” የሚሉ ሦስት ሰዎች በግል መልእክት መጡ። አንዱ የዋሌቱን 24 ምስጢራዊ ቃላት ጠየቀ፤ ሌላው “መጀመሪያ የማስለቀቂያ ክፍያ ላክ” አለ። እውነተኛ ኤክስቼንጅ ምስጢራዊ ቃላትን በፍጹም አይጠይቅም፤ ሃሽ፣ መጠንና Memo ይበቁታል።

ሌላም አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት በሀገራችን ሕጋዊ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ኤክስቼንጁ እምቢ ቢል እዚህ ሄዳችሁ አቤት የምትሉበት ቢሮ አትጠብቁ። በእጃችሁ ያለው ሃሹና ያ ቅጽ ብቻ ነው፤ የሰው አማና የያዘ ሰው ይህን ቀድሞ ይወቅ።

ከመላካችሁ በፊት የገቢ ገጹን እስከ ታች አንብቡ። Memo ካለ ቀድታችሁ ለጥፉ፤ በእጅ አትጻፉት። መጀመሪያ ትንሽ ልካችሁ ሒሳባችሁ ላይ መታየቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ቀሪውን ላኩ።