በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ምስጢር

በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዳቸው የታጠፈ ወረቀት ተሰጥቷቸዋል፤ አንዱ የሌላውን እንዳያይ ተነግሯል። እሱ ተከራይ፣ እሷ አከራይ ሆነው በኪራይ ጭማሪና በቤት ጥገና ላይ ይደራደራሉ። በእውነተኛው ሕይወታቸው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰውየው ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ አንድ አፓርታማ የሚያከራይ የታክሲ ነጂ ሲሆን፣ ሴትየዋ የመታጠቢያ ቤቷ ከሰባት ወር በላይ ሳይጠገን የቆየባት ነርስ ናት። አሠልጣኙ ሚናቸውን ሆን ብሎ አቀያይሮታል።

ሁለቱም የሚያውቁት ይህን ነው። ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው፤ ኪራዩ በወር 1,800 ዶላር ሲሆን ለሦስት ዓመት አልጨመረም። ከሻወሩ ግድግዳ ጀርባ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ከጎን ባለው መኝታ ቤት የግድግዳው ሥር አብጧል፣ ሻጋታም አውጥቷል። አከራይዋ ባለፈው ዓመት ቀለም አስቀብታው ነበር፤ በሁለት ወር ውስጥ ጥቁሩ ተመልሶ ወጣ። ይህ ራሱ ምልክት ነው፤ በቀለም ተሸፍኖ የሚመለስ ሻጋታ ምንጩ ከውስጥ መሆኑን ይናገራል። ትክክለኛው ጥገና ግድግዳውን ከመኝታ ቤቱ በኩል መቁረጥ፣ የቧንቧውን መጋጠሚያ መለወጥና እንጨቱ በሚገባ ሳይደርቅ አለመዝጋት ነው። ዋጋው 2,400 ዶላር ተገምቷል።

በተከራዩ ወረቀት ላይ ብቻ የተጻፈው ደግሞ እንዲህ ይላል፤ ሚስቱና አስም ያለበት ልጁ ከአራት ወር በኋላ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ከሥራ ቦታው ርቆ በ1,950 ዶላር ሌላ ቤት አግኝቷል፤ የመጓጓዣውንና የዕቃ ማጓጓዣውን ወጪ ሲያስብ እዚሁ ለመቆየት እስከ 2,000 ዶላር ቢከፍል ያዋጣዋል። በአከራይዋ ወረቀት ላይ የተጻፈው፤ የቤቱን ብድር በዝቅተኛ ወለድ ለመለወጥ አመልክታለች፤ የባንኩ ገማች ከስድስት ሳምንት በኋላ ይመጣል። ባንኩ በውሉ ላይ ከተጻፈው ኪራይ 75 በመቶውን ብቻ እንደ ገቢ ይቆጥራል፤ ለማጽደቅም 1,470 ዶላር ይፈልጋል። ስለዚህ ውሉ ላይ ከ1,960 በታች ሊጻፍ አይችልም። ገማቹ ደግሞ የበሰበሰ ግድግዳ ካየ ጉዳዩ ይዘገያል።

እንግዲህ ከ1,960 እስከ 2,000 ባለው ክልል ውስጥ ሁለቱም ተጠቃሚ ናቸው። አርባ ዶላር ጠባብ መንገድ ቢሆንም መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ፈጥኖ ተበላሸ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሠላሳ ያልሞላትን ነርስ «እትዬ» ብሎ ሲጀምር አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

«እትዬ፣ ይህን ቤት እንደ ራሴ ይዤዋለሁ። 1,850 ይበቃዎታል።»

«አንተ ልጄ፣ ገበያውን ታውቀዋለህ። 2,150 ነው።»

ሰውየው ወደ ሕጉ ሄደ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው የኪራይ ማረጋጊያ ሕግ የዓመቱን ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ እንደሚገድብ ጠቀሰ፤ በስሌቱም ከ1,908 በላይ ሊጠየቅ አይገባም አለ። አሠልጣኙ ጣልቃ ገባ። ሕጉ በካውንቲው ውስጥ ከሁለት የማይበልጡ የኪራይ ቤቶች ያሏቸውን ግለሰቦች ከጣሪያው ነጻ ያደርጋል፤ በወረቀቱ ላይ ያለችው አከራይ ደግሞ ያላት አንድ ቤት ብቻ ነው። ሆኖም ጭማሪው ከመጀመሩ በፊት የ90 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት ይጠበቅባታል። በማኅበረሰቡ ውስጥ ስለ 6 በመቶው የሚወራውን ያህል ስለዚህ ማስታወቂያ አይወራም፤ የኋላ ኋላ ጉዳዩን የፈታው ግን እሱ ነው።

መሣሪያው የከሸፈበት ሰው ተቆጣ። «የመጨረሻዬ 1,920 ነው» አለ። እሷም «የመጨረሻዬ 2,050» አለች። ሁለቱም ዋሽተዋል፤ ሁለቱም የሌላውን ቃል እንደ እውነት ቆጥረው ተነሡ። ጥገናው አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥቶ፣ «እናየዋለን» ተብሎ ታልፏል።

እንዲህ ያለው ውድቀት የጠባይ ጉድለት ብቻ አይደለም። ሮጀር ማየርሰንና ማርክ ሳተርትዌይት እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ሥራ ያረጋገጡት ነገር አለ፤ ገዢና ሻጭ እውነተኛ ወሰናቸውን ለየብቻ ሲይዙና ስምምነት መኖር አለመኖሩ አስቀድሞ እርግጥ ሳይሆን ሲቀር፣ ሁለቱንም በፈቃዳቸው እያሳተፈ፣ ከውጭ ገንዘብ ሳይጨምር፣ የሚጠቅማቸው ውል ሁልጊዜ እንዲፈጸም የሚያደርግ ደንብ ሊቀረጽ አይችልም። ወሰኑን አጋንኖ የሚናገር ሰው ጥቂት ዶላር ሊያተርፍ ይችላል፤ የዚያ ዋጋው አንዳንዴ መፈጸም የነበረበት ውል መፍረሱ ነው። የቤት ኪራይ ግን ከዚህ የተለየ አንድ ነገር አለው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ዋጋ ብቻ አይደለም። ጊዜ አለ፣ ጥገና አለ፣ የሚኖረው ሰው ብዛት አለ። በዋጋ ላይ የሚዋሽ ሰው በቀን ላይ እውነቱን ለመናገር ብዙም አይከብደውም።

አሠልጣኙ በሁለተኛው ዙር ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የገንዘብ መጠን መጥራትን ከለከለ። ተራ ክልከላ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውየው የሚለው ሲያጣ ጠየቀ።

«እትዬ፣ ጥገናው ከመቼ በፊት ቢያልቅ ይመችዎታል?»

«በስድስት ሳምንት ውስጥ» አለች ነርሷ፤ ወዲያውም ከንፈሯን ነከሰች። ጥገናውን የምትለመነው አከራይ፣ ራሷም እንደምትፈልገው በአንድ ቃል ገለጸች።

ሰውየው ዝም አለ። እውነተኛ አከራይ ነውና የቃሉን ዋጋ ዐውቆታል፤ «ከፈለጉት እንግዲያው ያለ ጭማሪ ይጠግኑት» ሊል ይችል ነበር። አላለም። ምናልባት ይሉኝታ ይዞት ይሆናል፤ ምናልባትም ነገ ተከራዩ ለእሱ እንዲህ ቢለው ምን እንደሚያደርግ አስቦ ይሆናል። በምትኩ ቤተሰቡ እንደሚመጣ ተናገረ። በመጀመሪያው ዙር ይህን የደበቀው «ሰው በዛ» ተብሎ ኪራይ እንዳይጨመርበት ሰግቶ ነበር። እሷ ግን የሰማችው ሌላ ነገር ነው፤ ቤተሰብ የሚያስመጣ ሰው ቶሎ አይለቅም፤ ቤቱም ባዶ አይቀርም። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢሆን 1,800 ዶላር ታጣለች፤ ይህ ከጥገናው ወጪ ሦስት አራተኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋጋው ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ውሉ 1,960 ዶላር ሆኖ ለሁለት ዓመት ተጻፈ፤ የሚስቱና የልጁ ስም ገባበት። ጭማሪው የሚጀምረው ከ90 ቀን በኋላ ነው። ጥገናው በስድስት ሳምንት ያልቃል፤ ካላለቀ እስኪያልቅ ድረስ ኪራዩ 1,800 ሆኖ ይቆያል። ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት እርጥበቱ በመሣሪያ ተለክቶ ፎቶግራፍ ይነሣል። ይህን የመጨረሻ አንቀጽ ያስገባችው አከራይ የሆነችው ነርስ ናት፤ ሰባት ወር ያስተማራት ነገር ነው።

የልምምዱን ደካማ ጎን መካድ አይገባም። በወረቀቱ ላይ 1,960 የተባለው ቁጥር የማይነቃነቅ ነው፤ በሕይወት ውስጥ ግን ሰው የራሱን ወሰን በትክክል አያውቀውም፤ በንዴት መሀል ይቀይረዋል። ደግሞም እዚህ የሁለቱ ምስጢሮች እርስ በርስ እንዲገጥሙ ሆነው ተጽፈዋል። አከራይዋ ቤቱን ለመሸጥ የምታስብ ብትሆን ኖሮ፣ የሰውየው የሁለት ዓመት ፍላጎት መገለጡ ይጎዳው ነበር እንጂ አይጠቅመውም ነበር። ስለዚህ ምስጢርን ሁሉ መዘርገፍ ብልህነት አይሆንም፤ አስቀድሞ ስለ ቀንና ስለ ቆይታ መጠየቅ ግን ብዙም አያስከፍልም።

ወንበሮቹ ሲታጠፉ ሰውየው ከኮቱ ኪስ አንድ ደብዳቤ አወጣ። ለራሱ ተከራይ የጻፈው የጭማሪ ማስታወቂያ ነበር፤ ቀኑ የሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ይላል። ቀኑን በእስክሪብቶ ሰርዞ መልሶ ኪሱ ከተተው። ነርሷ በበኩሏ አሠልጣኙን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው፤ ለአከራይዋ እስካሁን በስልክ ብቻ ነበር የምትናገረው፤ አሁን በጽሑፍ ብትልክ ምን ማካተት አለባት? አሠልጣኙ ቀን፣ ፎቶግራፍና የጥገናውን ማብቂያ ጊዜ ጠቀሰላት። እሷም የልምምዱን ወረቀት ገልብጣ በጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች።