«ሳለ» እና «ምክንያት»

እኛ አገር ማመልከቻ መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በየፍርድ ቤቱና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ የማያውቅ የለም። ባለጉዳዩ ያወራል፣ እሱ ይጽፋል። የሚጽፈው ነገር ለዘመናት ያልተለወጠ ቅርጽ አለው፦ መጀመሪያ የአመልካቹ ችግር፣ ቀጥሎ የልጆቹ ብዛት፣ ከዚያ የደረሰበት በደል፣ በመጨረሻም የባለሥልጣኑ ደግነት ተጠቅሶ «ጉዳዬ በአንክሮ ታይቶ» ይባላል። ይህ ጽሑፍ የተፈጠረው ልብ ያለውን ሰው ለመለመን ነው። ችግሩ፣ ዛሬ ማመልከቻ ከምንጽፍላቸው መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት በልብ ሳይሆን በአንቀጽ መሆኑ ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ያለ አንቀጽ አይከፍልም፣ ያለ አንቀጽም አይከለክልም።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ቦንጋ ከተማ ያስተምራል። ታላቅ ወንድሙ በባንክ ብድር የገዛት አንዲት አይሱዙ አለችው፤ ከቦንጋና ከዙሪያዋ ቡና ጭና ወደ ጅማ ትመላለሳለች። አንድ ምሽት መኪናዋ ወደ ጎጀብ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠች። ሹፌሩና ረዳቱ በቀላል ጉዳት ተረፉ። መኪናዋ ግን ጋራዥ ገባች፤ የጥገናው ግምት 480,000 ብር ሆነ። ሙሉ ዋስትና የተገባላት ስለሆነች ቤተሰቡ ብዙም አልተጨነቀም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ከኩባንያው አንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ፦ «ተሽከርካሪዎ ከተፈቀደለት ክብደት በላይ ጭኖ ሳለ አደጋው የደረሰ በመሆኑ የካሳ ጥያቄዎን ያልተቀበልነው መሆኑን እንገልጻለን።» ባንኩ ወርሃዊ ክፍያውን ይጠይቃል፤ መኪናዋ ግን ቆማለች።

ተማሪዬ ለይግባኝ ያዘጋጀውን ረቂቅ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ አማርኛውን ያዩልኝ» አለኝ። አማርኛው እንከን አልነበረውም። አራት ገጽ ነው። ወንድሙ ስንት ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር፣ ለስንት ዓመት አረቦን በወቅቱ እንደከፈለ፣ ኩባንያው በማስታወቂያው ምን ቃል እንደሚገባ፣ ጭነቱም ትርፍ እንዳልነበረ ይዘረዝራል። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት፦ «ፖሊሲውስ ምን ይላል?» ፖሊሲው ቤት ነው አለኝ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ማንም አላነበበውም።

አምጣው አልኩት። የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነውና። ፖሊሲ ማለት ደግሞ መድን ሲገባ የሚሰጠው አንዱ ወረቀት ብቻ አይደለም። ዋናው የውል ጽሑፍ፣ የመኪናው ዝርዝርና የዋስትናው መጠን የሰፈረበት ሠንጠረዥ፣ በኋላ የተጨመሩ ስምምነቶች ካሉም እነሱ ሁሉ አንድ ላይ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ዋናው ጽሑፍ የከለከለውን ተጨማሪው ስምምነት ይፈቅዳል። የጎደለ ካለ ኩባንያውን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። የእምቢታው ደብዳቤ የአንቀጹን ቁጥር ካልጠቀሰም ይግባኙ ከመጻፉ በፊት «ጥያቄዬን ውድቅ ያደረጋችሁበትን አንቀጽ በቁጥር ግለጹልኝ» የሚል አጭር ደብዳቤ ይቀድማል። ያልታወቀ አንቀጽ አይመለስም። እኛም ጠየቅን፤ ቁጥሩ መጣ።

አንቀጹን ስናነበው ነገሩ ተገለጠ። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ተሽከርካሪው ከተፈቀደለት ክብደት በላይ በመጫኑ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ኩባንያው ኃላፊ አይሆንም።» የእምቢታው ደብዳቤ «ጭኖ ሳለ» ይላል፤ ውሉ ግን «በመጫኑ ምክንያት» ነው የሚለው። በዕድሜዬ ብዙ ተማሪ በ«ሳለ» እና በ«ምክንያት» መካከል ያለውን ልዩነት ሲዘልለው አይቻለሁ፤ 480,000 ብር ሲያወጣ ግን ያኔ ነው ያየሁት። «ዝናብ እየዘነበ ሳለ ሞተ» እና «በዝናቡ ምክንያት ሞተ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጊዜን ይነግረናል፣ ሁለተኛው ሰበብን። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ሆን ብሎ አደረገው አልልም፤ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛው ሲሻገር አንዲት ቃል ከእጁ አምልጣለች። ያመለጠችው ግን ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለባት ቃል ናት።

ስለዚህ አራቱን ገጽ ተውነውና አዲስ ጻፍን። አንቀጹን ከነቁጥሩ፣ ቃል ሳንቀንስና ሳንጨምር በዋናው ቋንቋ ከላይ አሰፈርነው፤ ከሥሩ ትርጉሙን። ቀጥሎ አንቀጹን በየክፍሉ ቆረጥነው። አንቀጹ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መሟላት አለባቸው፦ የተፈቀደ ክብደት መኖሩ፣ ከዚያ በላይ መጫኑ፣ ጉዳቱም በዚያ ትርፍ ጭነት ምክንያት መድረሱ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አንቀጹ አይነካንም። ይግባኙ ታዲያ ለእያንዳንዳቸው አንድ አጭር አንቀጽና አንድ ማስረጃ ሰጠ፤ ሌላ ነገር አልነካም።

የመጀመሪያውን አመንን። ሊብሬው 35 ኩንታል ይላል። ሁለተኛውንም አመንን፤ እዚህ ላይ ተማሪዬ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ትርፍ ጭነናል ብለን እንጻፍ?» አዎ። ጭነቱ በጆንያ 60 ኪሎ የሆነ 60 ጆንያ ቡና ነው፤ ሲባዛ 36 ኩንታል ይመጣል። የሚዛኑም ካርኒ፣ ቡናው የተጓዘበትም መሸኛ ይህንኑ ይላሉ፤ ሁለቱም ኩባንያው እጅ ናቸው። በወረቀት የተረጋገጠን ነገር የካደ ሰው የሚቀጥለው እውነቱም አይታመንለትም። እውነቱ ሲነገር ደግሞ ልኩ አብሮ ይታያል፦ ትርፉ አንድ ኩንታል ነው፣ ከተፈቀደው ከመቶ ሦስት እጅ አይሞላም።

ጉልበታችንን ያዋልነው ሦስተኛው ላይ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርትና ፕላን ከፊት የመጣ መኪና መስመሩን ለቆ መግባቱን፣ አይሱዙው ወደ ቀኝ ሸሽቶ በዝናብ የላላው የመንገዱ ጠርዝ እንደከዳው ያሳያል። ይህ በቂ ይመስላል፤ አይደለም። የኩባንያው ባለሙያ «ጭነቱ ባይበዛ ኖሮ ሹፌሩ ይቆጣጠራት ነበር» ሊል ይችላል። ስለዚህ ትርፍ ጭነት አደጋ ሲያመጣ የሚተወው ምልክት ምን እንደሆነ ባለ ጋራዡን ጠየቅነው። ጎማ ይፈነዳል፣ ባሌስትራ ይሰበራል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ግሎ ሸራው ይቃጠላል፣ ወይም ጭነቱ ከስፖንዳው በላይ ተቆልሎ መኪናዋን ያዘነብላል። ከዚያ የኩባንያው የራሱ ሰርቬየር የጻፈውን ሪፖርት አነበብን። ጎማዎቹ ነፋስ ይዘው ተገኝተዋል፣ ባሌስትራው ደህና ነው፣ የፍሬን ችግር አልተመዘገበም። ጆንያዎቹ ከስፖንዳ በታች እንደነበሩ ደግሞ ሲነሱ የተወሰደው ፎቶ ይመሰክራል። ከአራቱ ምልክቶች አንዱም የለም። ይህንን በኩባንያው ወረቀት የገጽ ቁጥር እየጠቀስን አስቀመጥነው። የገዛ ባለሙያን ቃል መግፋት ከባድ ነው።

ሕጉን የጠቀስነው በመጨረሻ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1738 አንዱ ወገን አስቀድሞ ባዘጋጀው የውል ቅጽ ውስጥ አጠራጣሪ ቃል ሲገኝ ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ያዛል። ቁጥር 2001 ደግሞ ግዴታ አለ የሚል መኖሩን፣ ቀርቷል የሚል መቅረቱን እንዲያስረዳ ይጠይቃል፤ ከዚህ ተነስቶ የክልከላውን አንቀጽ የሚጠቅሰው ኩባንያ «ምክንያት» የሚለውን እሱው ያስረዳ ብሎ መከራከር ይቻላል። ሕግ ግን ቅመም ነው፤ ወጡ ማስረጃው ነው። ሕግ ብቻ የተሞላ ይግባኝ ኩባንያውን ወደ ጠበቃው እንጂ ወደ ፋይሉ አይመልሰውም።

መዝጊያው ልመና አልነበረም። ከ480,000 ብር ላይ በውሉ መሠረት ባለ መኪናው የሚሸከመው 10 በመቶ ማለትም 48,000 ብር ተቀንሶ 432,000 ብር እንዲከፈል፣ ካልሆነም ከሦስቱ ነጥቦች የትኛው በምን ማስረጃ እንደተሰበረ በጽሑፍ እንዲገለጽ ጠየቅን። ደብዳቤው አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ዋናው ለካሳ መምሪያው፣ ግልባጩ ለቅርንጫፉና መኪናዋ በዋስትና ለተያዘችለት ባንክ ሄደ፤ በእኛ ቅጂ ላይ የተቀበለው ሰው ፊርማና ቀን አረፈበት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ኩባንያው ውሳኔውን ለወጠ። በአዲስ በሚተኩ አሮጌ ዕቃዎች ላይ የእርጅና ቅናሽ አደረገ፤ ያንን ውሉ በግልጽ ስለሚፈቅድለት አልተከራከርንም።

ይህ መንገድ ሁሉንም በር አይከፍትም። የአንዳንዱ ኩባንያ ውል ራሱ «ጭኖ ሳለ» ይላል። እዚያ ላይ ስለ ሰበብ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚቀረው ክብደቱ በትክክል ተመዝኗል ወይ የሚለው ብቻ ይሆናል። መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ለነዳ ሹፌርም የተሻለ አማርኛ አይፈይድም። ሌላው ወጥመድ ያልተጠየቀውን መናገር ነው። በተማሪዬ የመጀመሪያ ረቂቅ ውስጥ «መንገደኞችንም በነጻ እንተባበራለን» የሚል የደግነት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ለመኪናዋ የተገባው ዋስትና ለዕቃ ማጓጓዣ ብቻ ነው፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር ብትቀር ኖሮ ለኩባንያው ሌላ አንቀጽ በእጁ ታስጨብጠው ነበር።

ቀኑንም መቁጠር ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የኢንሹራንሱ ክፍል ከ1952ቱ ሕግ ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ በዚያ መሠረት ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይታገዳል። «እያየነው ነው» በሚል መልስ ተዘናግቶ ዓመቱ እንዳያልፍ፣ ደብዳቤ መጻጻፉ ካልሠራ ውሉ ወደሚያመለክተው ግልግል ወይም ወደ ፍርድ ቤት ጊዜው ሳለ መሄድ ነው። ብሔራዊ ባንክ ኩባንያዎቹን ስለሚቆጣጠር አቤቱታ ሊቀርብለት ይችላል፤ የካሳውን ክርክር ግን እንደ ዳኛ አይፈርድም።

የሚቀጥለው ዓመት አረቦን ሲከፈል ተማሪዬና ወንድሙ ዋጋ ከማወዳደራቸው በፊት ከሦስት ኩባንያዎች የውል ቅጽ ለምነው ወሰዱ። የጭነቱን አንቀጽ ብቻ ፈልገው አነበቡ። በአንዱ ላይ «ሳለ» የሚል አገኙበት፤ ዋጋው ከሁሉም ርካሽ ነበር። ተዉት።