«መጣ» ወይስ «መታ»?

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው ፍራንክፈርት ነው። አማርኛ በደንብ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ያመነታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በስልኩ የእግር ኳስ ጌም እየተጫወተ በዩቲዩብ ቀጥታ ያስተላልፋል። ከተመልካቾቹ መካከል አዲስ አበባ ያሉት የአክስቱ ልጆችና አያቱ፣ ማለትም የእኔ እናት፣ ይገኙበታል። ለእነሱ ሲል በአማርኛ ያወራል።

ችግሩ የመጣው ከአማርኛው ጋር ነው። አጥቂው ኳስ ይዞ ወደ ጎል ሲሮጥ «መጣ! መጣ!» ይላል። አዲስ አበባ የሚሰማው ግን «መታ! መታ!» ነበር። ልጆቹም «ማን መታ? ማንን መታ?» ብለው ይጽፉና ይስቃሉ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ እኔ መጣና «አጎቴ፣ እኔ ጠ ማለት አልችልም መሰለኝ። ከአሁን በኋላ በጀርመንኛ ባወራ ይሻላል» አለኝ።

እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ጀርመን መጥቼ እዚሁ የቀረሁ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። የቋንቋ አስተማሪ አይደለሁም። ግን «መጣ» በል አልኩት፤ አለ። ጠ በትክክል ወጣች። ስለዚህ ጥፋቱ በአፉና በአያቱ ጆሮ መካከል የሆነ ቦታ ነው ማለት ነው።

ቅጂውን ከፍቼ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የጌሙ ድምፅ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ይወጣል፤ እዚያው ስልክ ላይ ያለው ማይክ ደግሞ የልጁን ድምፅና የስታዲየሙን ጩኸት አንድ ላይ ይቀበላል። በ«ጥ» እና በ«ት» መካከል ያለው ልዩነት በጣም አጭር የሆነች ስለታም ድምፅ ናት። የተመልካች ጩኸት ደግሞ እንደ ዝናብ ያለማቋረጥ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ነው፤ እንዲህ ያሉትን አጫጭር ድምፆች ቀድሞ የሚሸፍነው እሱ ነው። በአማርኛ ይህ ከባድ ነው፤ ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጸ ሁሉ የሚለዩት በእንዲህ ዓይነት ድምፅ ነውና።

ስልኩ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ተሸክሞ ነበር። ጌሙን ያጫውታል፣ የልጁን ፊት ይቀርጻል፣ ድምፅ ይቀበላል፣ ሁሉንም አዋህዶ ወደ ኢንተርኔት ይልካል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ይግላል፤ ጌሙም መንተፋተፍ ይጀምራል። ስለዚህ ለስልኩ ጌሙን ብቻ ትተን ሌላውን ለቤቱ አሮጌ ላፕቶፕ ለመስጠት ወሰንን።

የስልኩን ስክሪን ወደ ኮምፒውተር ለማምጣት ብዙ ሰው ካፕቸር ካርድ ይገዛል። የእህቴ ልጅ ስልክ ግን አንድሮይድ ስለሆነ `scrcpy` የሚባል ነፃ ፕሮግራምና የቻርጀሩ ኬብል በቂ ናቸው። (ለአይፎን ይህ ፕሮግራም አይሠራም፤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ማገናኛና ካፕቸር ካርድ ያስፈልጋል።) በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ `Build number` የሚለውን ሰባት ጊዜ ስትነኩት የተደበቀ ክፍል ይከፈታል፤ እዚያ `USB debugging` የሚለውን ታበራላችሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ይህን ትጽፋላችሁ፦

```
scrcpy --max-size=1280 --max-fps=30
```

የስልኩ ስክሪን በኮምፒውተሩ ላይ በመስኮት ይከፈታል። ስልኩ አንድሮይድ 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የጌሙ ድምፅም አብሮ ወደ ኮምፒውተሩ ይመጣል፤ ስልኩ ራሱ ዝም ይላል። ልጁ የሚጫወተው እንደ ቀድሞው ስልኩን እየነካ ነው፤ ድምፁን ግን ከኮምፒውተሩ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። በዚህ ብቻ የስታዲየሙ ጩኸት ወደ ማይኩ መግባቱን አቆመ። ስርጭቱ ሲያልቅ `USB debugging` የሚለውን መልሳችሁ አጥፉት፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት ስልኩን ክፍት አድርጎ እንዳይተወው።

አሁን ሁለት የተለያዩ ድምፆች አሉን፤ የጌሙና የልጁ። ሁለቱን የሚያዋህደው ኦቢኤስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ማይኩ ውድ አይደለም፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ተራ ማይክ ነው። ከዋጋው ይልቅ ቦታው ይበልጣል፤ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ «ፍ» እና «ፕ» ስንል የሚወጣው ትንፋሽ እንዳይመታው። ኦቢኤስ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሆነ የድምፅ መለኪያ አለ። ሲያወራ ቢጫው ውስጥ መዋል አለበት። ሲጮህ ቀዩን ትንሽ ቢነካ ችግር የለውም፤ ጫፉ ላይ ከደረሰ ግን ድምፁ ይሰነጠቃል።

በዚህ ጊዜ ልጁ ራሱ በይነመረብ ላይ ያየውን የድምፅ ማጥሪያ እስከ መጨረሻው አበራው። የማሞቂያው ድምፅ ጠፋ፤ «መጣ»ም እንደገና «መታ» ሆነች! ማጥሪያው ጩኸትን ከአጭር ስለታም ድምፅ ሁልጊዜ አይለይም፤ ጠን ራሷን እንደ ኮሽታ ቆጥሮ ይቆርጣታል። ማሞቂያውን ማጥፋት ይሻላል አልኩት። ጃኬት ለብሶ ተጫወተ።

የቀረው ጌሙ በሚጮህበት ሰዓት የልጁ ድምፅ ከላይ እንዲሆን ማድረግ ነበር። የጌሙን ድምፅ ሁልጊዜ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ያኔ ጎል ሲገባ ስታዲየሙ የሞተ ይመስላል። የተሻለው መንገድ ልጁ ሲናገር ብቻ ጌሙ ዝቅ እንዲል ማድረግ ነው። ኦቢኤስ ላይ በጌሙ ድምፅ ላይ `Compressor` የሚለውን ማጣሪያ ትጨምሩና፣ `Sidechain/Ducking Source` በሚለው ቦታ ማይኩን ትመርጣላችሁ። እኛ `Threshold` -35፣ `Ratio` 4 አደረግን። ልጁ በተለመደው ድምፁ -15 አካባቢ ሲናገር ጌሙ በ15 ዲሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ይሰማል፣ ግን ከኋላ ነው። `Release` የሚለው ደግሞ ሲጀመር 60 ነው። በዚህ ከተተወ በእያንዳንዱ ቃል መካከል ጩኸቱ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ጆሮ ይበጠብጣል። 500 ስናደርገው ተረጋጋ።

ካሜራውን በአጭሩ ልለፈው። የላፕቶፑ ካሜራ በቂ ነው፤ ምክንያቱም ፊቱ በስክሪኑ ላይ የሚይዘው ትንሽ ቦታ ነው። መስኮት ከኋላችሁ ካለ ፊታችሁ ይጠቁራል፤ መብራቱ ከፊት ይሁን። አንድ ነገር ግን መፈተን አለበት። ካሜራው ፊት ለፊት አንድ ጊዜ አጨብጭባችሁ ቅጂውን እዩ። የእኛ ድምፅ ከእጁ ቀድሞ ይሰማ ነበር። ኦቢኤስ ውስጥ `Sync Offset` በሚለው ቦታ ማይኩን 150 ሚሊሰከንድ ስናዘገየው ከንፈሩና ቃሉ ተገናኙ። ቁጥሩ ከካሜራ ካሜራ ይለያያል።

ከሁሉ የወደድኩት ክፍል በጌሙ ምስል ላይ የሚደረበው ነገር፣ ኦቨርሌይ የሚሉት ነው። ልጁ ያዘጋጀው ኦቨርሌይ እሳት የሚተፋ ክፈፍ ነበረው፤ የፊቱ ምስልም በግራ በኩል ታች ነበር። ያ ቦታ ግን ተጫዋቹን የሚያንቀሳቅሰው ጣት ያለበት ነው። በቀኝ ታች የመምቻው ቁልፎች፣ በግራ ላይ ውጤቱ፣ ከታች መሃል ትንሹ ካርታ አለ። ታዲያ ፊቱን የት እናስቀምጠው?

መልሱን የሰጠን የስልኩ ቅርጽ ነው። ስልኩ ረጅም ነው፣ 20 በ9። የዩቲዩብ ምስል ደግሞ 16 በ9 ነው፤ የእኛ ስርጭት 1280 በ720። የስልኩ ምስል ስፋቱ 1280 ሲሆን ቁመቱ 576 ብቻ ነው። 720 ሲቀነስ 576፣ 144 ይተርፋል። ይህን ባዶ ቦታ ብዙ ሰው ከላይና ከታች ጥቁር አድርጎ ይተወዋል። እኛ ጌሙን ወደ ላይ ገፋነውና ከታች ሙሉ 144 ፒክስል አገኘን። የካሜራው ምስል 256 በ144 ሆኖ በግራ ገባ፤ ከእሱ በስተቀኝ ጥቁር አረንጓዴ መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ። ከጌሙ አንድም ነገር አልተሸፈነም።

ጽሑፉ በአማርኛ ስለሆነ ሁለት ነገር ጠበቅን። አንደኛ፣ የግዕዝ ፊደል የሌለው ፎንት ከተመረጠ በቃሉ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ይታያሉ፤ እኛ `Noto Sans Ethiopic` የሚለውን ጫንን። ሁለተኛው መጠኑ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቻችን ዳታ ለመቆጠብ በ360 ነው የሚያዩት፤ ማለትም የሁሉም ፊደል ቁመት በግማሽ ይቀንሳል። የላቲን ፊደል ይህን ይችላል። የእኛ ፊደል ግን «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ እሷ መጀመሪያ ትጠፋለች። 28 ላይ የነበረውን ጽሑፍ 52 አደረግነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር አይችልም፤ «ዛሬ ከማን ጋር?» የሚለው ግን በደንብ ይነበባል።

ሊታወቁ የሚገቡ ሁለት ሕጎችም አሉ። ዩቲዩብ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን ቀጥታ እንዲያስተላልፍ አይፈቅድም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈትም እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ለመጀመር ሐሙስ መክፈት ነው። የጌሙን ዘፈኖችም ከሴቲንጉ አጥፉ፤ የዘፋኞች መብት ስላለባቸው ቅጂው ሊታገድ ይችላል። የስልኩን መልእክቶች ደግሞ `Do Not Disturb` ላይ አድርጉ። የትምህርት ቤት መልእክት በሁሉም ፊት ብቅ ሲል ደስ አይልም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔም ከቤቴ ሆኜ በስልክ፣ በ360 ተከታተልኩ። በ12ኛው ደቂቃ ላይ ልጁ «መጣ! መጣ!» ሲል ማንም «ማን መታ?» ብሎ አልጻፈም። በምትኩ አንዷ የአክስቱ ልጅ «ማነው የመጣው? ቁጥሩን ንገረን» ብላ ጻፈች። ጥያቄዋ እሱ ጋ ሲደርስ ግን ኳሱ ወጥቶ ነበር፤ ቀጥታ ቢባልም ምስሉ አዲስ አበባ የሚደርሰው ሰከንዶች ዘግይቶ ነው። መዘግየቱን ከ5 ሰከንድ በታች የሚያወርድ ምርጫ አለ፤ ኢንተርኔቱ ሲደክም ግን ምስሉ ቶሎ ቶሎ ይቆማል። ስለዚህ መዘግየቱን እንዳለ ተውነው። አሁን መልስ ከመስጠቱ በፊት ጥያቄውን ጮክ ብሎ በአማርኛ ያነባል። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው፤ «ቁ-ጥ-ሩ-ን» እያለ።

እናቴ ማታ ደወለችልኝ። ጌሙ አልገባትም። «ልጁ ብርድ ላይ ነው እንዴ? ለምንድነው ቤት ውስጥ ጃኬት የለበሰው?» አለችኝ።