ግድግዳችሁ ላይ የሰፈረው ንብ ነው ወይስ ተርብ?

አደይ አበባ ሲፈካ ስልኬ ላይ የግድግዳ ፎቶ ይበዛል። ባለፈው ጥቅምት አንድ የጎዛምን ገበሬ ከበሩ በላይ ያለውን ጎጆ አንስቶ ላከልኝና «ንብ ሰፈረብኝ፣ ላምባ አርከፍክፌ ላቃጥለው?» አለኝ። «ተው አያ፣ ግድግዳህ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ጣራህ ሣር ነው፤ ቤትህ ነው የሚነደው» አልኩት። ደግሞም ፎቶው ላይ ያለው ንብ አልነበረም።

መጀመሪያ ጎጆው ከምን እንደተሠራ ራቅ ብላችሁ እዩ። ደርቆ የተለጠፈ የጭቃ ጉብታ ከሆነ ብቻዋን የምትኖር ወገበ ቀጭን ተርብ ናት የሠራችው። ውስጡን ብትከፍቱት ለልጆቿ ቀለብ ያደነዘዘቻቸውን ሸረሪቶች ታገኛላችሁ። እሷ በእጅ ካልያዟት እምብዛም አትናደፍም፤ ጎጆውን ፍቃችሁ መጣል ነው። ንቦች ሰም ሳይሠሩ እንደ ዘለላ ተያይዘው ከተንጠለጠሉ ግን ማረፊያ የሚፈልግ መንጋ ነው። ይሄ ሀብት ነው፤ አናቢ ጎረቤት ጥሩና ማታ ወደ ቀፎ ያስገባው። ስንጥቅ ውስጥ ገብተው ሰም ከሠሩም አናቢ ይምጣ፤ ቀዳዳውን በጭቃ ብትደፍኑት ወደ ቤት ውስጥ ይወጡባችኋል።

የገበሬው ጎጆ ግራጫ ወረቀት የመሰለ፣ በቀጭን እግር የተንጠለጠለ፣ ቀዳዳዎቹ ወደ ታች የተከፈቱ ነበር። ይሄ የተርብ ነው፤ መዳፍ ያህላል። ማታ ሁሉም እስኪገቡ ጠበቀ። ልጆቹን አራቀ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱንና አንገቱን ሸፈነ፣ እጅጌውንና የሱሪውን ጫፍ አሰረ። ባትሪውን በእጁ አልያዘም፤ ተርብ ወደ ብርሃን ስለሚበር ራቅ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። አንድ ሊትር ውኃ ላይ ሁለት ማንኪያ ኦሞ በጥብጦ በንጹሕ መርጫ ጎጆውን አራሰው። ሳሙናው መተንፈሻቸውን ስለሚደፍነው ይወድቃሉ። ከዚያ በረጅም እንጨት አወረደው። መሰላል ላይ ቆማችሁ ግን ይህን አትሞክሩ። ከዚህ በፊት ተነድፎ የታመመ ሰውም አይጠጋ።

ንብ ከነደፈች መርፌዋ ቆዳ ላይ ይቀራል፣ መርዙንም መርጨቱን ይቀጥላል፤ ወዲያው በጥፍር ፍቃችሁ አውጡት። ተርብ አያስቀርም፣ ደጋግሞ ግን ይነድፋል። የተነደፈው ቦታ ቢያብጥና ቢያሳክክ በቀዝቃዛ ውኃ በነከረ ጨርቅ ያዙት።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ያልተነደፈው ገላ ሽፍ ካለ፣ ከንፈር ወይ ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ካስመለሰ ወይ ራስ ከዞረ ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ነጭ ሽንኩርትና ጠበል ፍለጋ አትሂዱ፤ ያለውን መኪና ወይ ባጃጅ አቁሙ። በእግሩ አታስኬዱት፤ አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ መተንፈስ ካቃተው ደግፋችሁ አስቀምጡት። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ «ንብ ወይ ተርብ ነድፎት ነው፣ ትንፋሽ አጥሮታል» በሉ፤ የሚያድነው ታፋው ላይ የሚወጋው የአድሬናሊን መርፌ ነው። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ተሻለኝ ቢልም ቶሎ ወደ ቤት አትመልሱት። በብዙ ንብ የተወረረ ሰው ደግሞ እነዚህ ምልክቶች ባይታዩበትም መርዙ ራሱ ኩላሊት ስለሚጎዳ ይታይ።