ፀሐይ ስትገባ

የተጋባነው ጥር 16 ቀን 1991 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ዘንድሮ ቀኑ ቅዳሜ ስለዋለ 27ኛ ዓመታችንን ያከበርነው ቤታችን፣ ቡና አፍልተን ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች «ሳትጣሉ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ኖራችሁ?» ይሉናል። ኧረ ተጣልተናል! እንዲያውም ክፉኛ የተጣላነው አንድ ጥቅስ ልንታዘዝ ስንል ነው።

ጥቅሱ ኤፌሶን 4፥26 ነው። ስንጋባ ከመካከላችን አንዱ ከነገረ መለኮት ኮሌጅ ገና መውጣቱ ነበርና፣ ሐዋርያው ጳውሎስ በቁጣችን ላይ ፀሐይ እንዳይገባ የጻፈውን የቤታችን ሕግ አደረግነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባል። የእኛ ጠብ ደግሞ የሚጀምረው ከእራት በኋላ ነው። ቃል በቃል ብንወስደው እስከ ማግስቱ ማታ ጊዜ ነበረን፤ እኛ ግን «ጉዳዩን ሳንጨርስ አንተኛም» ብለን ተረጎምነው።

በሁለተኛው ዓመት ለቡፌ ብለን ያጠራቀምነው 700 ብር ነበረን። ሰባኪው የቤት ኪራይ ለጨነቀው አንድ ወንድም ሚስቱን ሳይጠይቅ ብሩን አንሥቶ ሰጠ። ሚስቱ ነገሩን የሰማችው እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ የዚያ ወንድም ባለቤት በር ላይ አቅፋ ስታመሰግናት ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ ፈገግም አለች። ቤት እስክንገባ ግን ሌላ ቃል አልወጣትም።

ያን ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት ተከራከርን። ሰባኪው ስለ ልግስና ያለውን ጥቅስ ሁሉ ጠቀሰ፤ እሷ ደግሞ «ለምን ሰጠህ አላልኩም፤ ለምን አልነገርከኝም ነው ያልኩት» አለች። በመጨረሻ ሰባኪው ኤፌሶንን አወጣና «ፀሐይ ገብቷል፤ ይቅር በይኝ» አለ። «እሺ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አለች፤ እንቅልፍ ስለያዛት። በማግስቱ «ፓስተር፣ ቁርስ ቀርቧል» ብላ ጠራችው። በቤታችን ውስጥ ይህ ማዕረግ የሚሰጠው ይቅርታው የአፍ ብቻ ሲሆን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፓስተር ሆኖ ሰነበተ።

መፍትሔውን ያገኘችው ኮሌጅ ያልገባችው ናት። የጥናት መጽሐፍ ቅዱሷ ኅዳግ ጳውሎስ ቃሉን የወሰደው ከመዝሙር 4፥4 እንደሆነ ያመለክታል። ገልጣ ስታነብ፣ ያው ቁጥር ተቆጥቶ ኃጢአት አለማድረግን ካዘዘ በኋላ፣ ሰው በመኝታው ላይ ሆኖ በልቡ እንዲያስብና ዝም እንዲል ይላል። «በመኝታ ዝም በሉ ነው የሚለው፤ አንተ ግን እስከ ስምንት ሰዓት ትሰብካለህ!» አለችው። ሰባኪው መልስ አጣ። ቆይቶ ዘዳግም 24፥15ን አስታወሰ። በዚያ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈል ታዟል፤ ድሀው እሱን ተስፋ አድርጎ ውሏልና። ሰባኪው ያን ቀን ለሚስቱ ያለበት ዕዳ «ሳልነግርሽ መስጠቴ ጥፋት ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እሱን ሳይከፍል ነው ሌሊቱን ሙሉ ስለ ልግስና ያስተማራት።

ከዚያ ወዲህ ቁጣውን ከጉዳዩ ለየን። ማታ ያጠፋው ሰው ጥፋቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ «ግን» የሚል ቃል ሳያስገባ ይናገራል፤ አጭር ጸሎት አድርገን እንተኛለን። ጉዳዩ፣ ማለትም ገንዘቡ ወይም ዘመዱ፣ ለቅዳሜ ቡና ይቀጠራል። አቦል ላይ አይነሣም፤ አቦል በሰላም ይጠጣል። ቶና ላይ ይነሣል፣ በረካ ላይ በጸሎት ይዘጋል። ካላለቀ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያድራል። ብዙው ጉዳይ ቅዳሜ እስኪደርስ ግማሹ ይተንናል፤ ያልተነነው እውነተኛው ነው። የገንዘቡ ጉዳይ አራት ቅዳሜ ፈጅቶ፣ ከ50 ብር በላይ ያለ ሁለታችን ስምምነት ከቤት እንዳይወጣ በሚል ተዘጋ። ቁጥሩን ከኑሮው ጋር ስንት ጊዜ ከፍ እንዳደረግነው አንናገርም።

አንድ ነገር ግን ሳንለይ ማለፍ አንፈልግም። ድብደባ ወይም ፍርሃት ባለበት ቤት ይህ ሥርዓት አይሠራም። ምክር ፍለጋ ወደ እኛ ከሚመጡት መካከል ይህንኑ ጥቅስ እየሰሙ በየማታው ይቅር እንዲሉ የተገደዱ እህቶች አሉ። እነርሱን «ቅዳሜን ጠብቁ» አንላቸውም፤ በመጀመሪያ ደኅና ቦታ ነው የምንፈልግላቸው።

ቡፌው ከአምስት ዓመት በኋላ ተገዛ። ዘንድሮም ጥር 16 ጠዋት ረከቦቱ የቀረበው ከፊቱ ነው፤ ፈንዲሻውም ነበር። አቦሉን በሰላም ጠጣን። ታዲያ ሰባኪው ለእሑድ ምሳ ስድስት እንግዳ መጥራቱን ሚስቱ የሰማችው ዐርብ ማታ ነው፤ ያውም ከተጋባዦቹ አንዷ «ምን ይዘን እንምጣ?» ብላ ስትደውል። ዓረፍተ ነገሯ ዐርብ ማታውኑ ተከፍላለች፤ «ግን» አልነበረባትም። ጉዳዩ ግን አድሯል። ሁለተኛው ሲፈላ ጀበናውን አንሥታ ቀዳች፤ ስኒውንም አቀበለችው።

«ፓስተር» አለች፣ «ቶናው ደርሷል።»