የአያቴ ሰማንያ

በቤታችን ውስጥ የልደት ቀን የሌላት አያቴ ብቻ ነበረች። ወረቀቷ ላይ ግን አላት፤ ጃንዋሪ 1 ይላል። ናይሮቢ ስትመጣ ወረቀት የሚሞላው ሰው ቀኗን ጠየቃት፤ «እሱን እግዜር ያውቃል» አለችው፤ እሱም ጃንዋሪ 1 ብሎ ሞላው። ሰፈራችን ውስጥ ጃንዋሪ 1 የተወለዱ አዛውንቶች ብዙ ናቸው። እናቴ «ያን ቀን አገር ምድሩ ሲወልድ ነው የዋለው» እያለች ትቀልዳለች። አያቴም አብራ ትስቃለች፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ኬኩን አትነካም። «የወረቀት ልደት ነው፤ ወረቀቱ ይብላው» ትላለች።

በዚህ ዓመት መስከረም ላይ ታናሽ እህቴ ከትምህርት ቤት የክፍሏን ልጆች ልደት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሠርታ መጣች። ለአያቴ ስታሳያት አያቴ ጣቷን በሠንጠረዡ ላይ አዙራ አዙራ «ሁሉም ቀን ባለቤት አለው ማለት ነው» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ግን ያን ቀን ዘፈን ልጽፍላት ወሰንኩ። ዘፈን ደግሞ ቀን ይፈልጋል።

ቀኑን ለማግኘት ቡና ሲፈላ ጠበቅኩ። አያቴ በአቦሉ አትናገርም፤ ወሬዋ የሚጀምረው ቶናው ላይ ነው። «እማማ፣ ስለ ልደትሽ እናትሽ ምን ነገሩሽ?» አልኳት። ሁለት ነገር ታስታውሳለች። አንደኛው፣ ክርስትና የተነሳችው በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ በሰማንያ ቀኗ ነው። ሁለተኛው፣ ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ በደብረ ማርቆስ ካለፉ ወዲህ በሁለተኛው ጥምቀት ነው። የእርሷ አገር ጎጃም ስለሆነ ዘመን የሚቆጠረው በዚያ ነበር።

ለእኔ ይህ ይበቃኝ ነበር። ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ የገቡት በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ጥምቀት የ1934፣ ሁለተኛው የ1935 ይሆናል። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ነው። ስለዚህ ከጥር 12 ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ብቻ ነው የቀረኝ። ቀነስኩና ጥቅምት 22 አገኘሁ፤ ሮጬም ለእናቴ ነገርኳት።

እናቴ «የተወለደችበትን ቀን አልቆጠርከውም» አለችኝ። ሰማንያ ቀን ሲባል የተወለደችበትም ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል። እንደገና ወደ ፊት ቆጠርን። ከጥቅምት 23 እስከ 30 ስምንት ቀን፣ ኅዳር ሠላሳ፣ ታኅሣሥ ሠላሳ፣ ከጥር አሥራ ሁለት። ድምሩ ልክ ሰማንያ! አያቴ የተወለደችው ጥቅምት 23 ቀን 1935 ዓ.ም. ነው። ዘንድሮ 2015 ስለሆነ ደግሞ ሰማንያ ዓመት ይሞላታል።

ለአያቴ ቀኑን ገና አልነገርናትም፤ ዘፈኑ ውስጥ ደብቀን ልናስደንቃት አስበናል።

መጀመሪያ የሞከርኩት በእንግሊዝኛው የልደት ዜማ ነበር። አልሆነም። አማርኛውን በዚያ ዜማ ስለጎተትኩት «አያቴ» የሚለው ቃል «አያ...ቴ» ሆኖ የሌላ ሰው ስም መሰለ። የአማርኛ መምህራችን «በየወል ቤት ጻፈው» አሉኝ። አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ነው። በጣቴ እየቆጠርኩ ጻፍኩ። አምስት ሲሆንብኝ ጭብጨባው ይሰናከላል፤ ሰባት ሲሆን ትንፋሽ ያጥራል። መቁጠሪያዬ ታናሽ እህቴ ነበረች፤ እያጨበጨበች ስትሳሳት ስሕተቱ የእኔ መሆኑን አውቅ ነበር።

ስለ ምን እንደምጽፍ አልቸገረኝም። አያቴ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በየቀኑ ትፈልገዋለች። ገበያም ስትወጣ ስዋሂሊ አትችልም፤ ከሰዓቱ በቀር። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደኛው ጠዋት ሲነጋ ነው አንድ ብለው የሚቆጥሩት፤ አያቴ «ከዚህ አገር ሰዓቱ ብቻ ነው አገሬን የሚመስለው» ትላለች። አትክልት ሻጯ በስዋሂሊ፣ እርሷ በአማርኛ ይከራከራሉ፤ ሁልጊዜም ዋጋው ይቀንሳል።

ጥቅምት 23 ረቡዕ ዋለ። ረቡዕ ጾም ነው! ኬክ አዝዘን ነበር፤ ወተትና እንቁላል ስላለው አያቴ አትቀምሰውም። እናቴ ኬኩን ሰርዛ ማክሰኞ ማታ ድፎ ዳቦ አቦካች። ማታ ሁላችንም ተሰብስበን እኔ አወጣሁ፤ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ተቀበሉ።

መነጽሯን ፍለጋ ጓዳውን አሰሰች፣
አንገቷ ላይ ሆና እያየቻት ሳቀች።

ስዋሂሊ ሳታውቅ ገበያ ውላለች፣
ባማርኛ ሙግት ጎመኑን ገዝታለች።

አያቴ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፤ መነጽሩ እዚያው ነበር። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ይሄ ልጅ ሊያዋርደኝ ነው!» እያለች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ የመጨረሻውን አወጣሁ።

ጃንዋሪ አንድ ብለው ወረቀት ጻፉልሽ፣
ጥቅምት ሃያ ሦስት ነው እኛ ያወቅንልሽ።

አያቴ ሳቋን አቆመች። «ምን አልክ?» አለችኝ። ቁጥሩን በጣቴ አስረዳኋት፤ ጥቅምት ስምንት፣ ኅዳር ሠላሳ፣ ታኅሣሥ ሠላሳ፣ ጥር አሥራ ሁለት። እርሷም በመቁጠሪያዋ አብራኝ ቆጠረች። ሰማንያ ላይ ስትደርስ ዝም አለች።

«ጥቅምት ጊዮርጊስ...» አለች ቆይታ። «እናቴ በየዓመቱ በጥቅምት ጊዮርጊስ ጠላ ትጠምቅ ነበር። ጎረቤት ትጠራለች። እኔንም ጸጉሬን ትሠራኛለች፤ እሸት ታበላኛለች። ለጊዮርጊስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለእኔም ኖሯል።»

ማንም አላጨበጨበም። ታናሽ እህቴ ሄዳ ጭኗ ላይ ተቀመጠች። አያቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና «ዘፈን ሳይመለስ አያድርም» ብላ ራሷ አወጣች። በጣቷ ሳትቆጥር፣ ስድስት ስድስት ቀለም ልክ ገባላት።

በሰማንያ ቀኔ ስሜን አወጡልኝ፣
በሰማንያ ዓመቴ ቀኔን ቆጠሩልኝ።

እኔ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝን እርሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ከዚያ ድፎውን ባርካ ቆረሰች፤ የመጀመሪያውንም ቁራሽ ራሷ በላች።

ወረቀቷ ላይ አሁንም ጃንዋሪ 1 ነው፤ እሱን ማስቀየር ከባድ ነው ይላሉ። የእህቴ ሠንጠረዥ ግን ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፤ ከታች በኩል በእርሳስ አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ «እማማ፣ ጥቅምት 23»። በሚቀጥለው ዓመት ቀኑ ዓርብ ላይ ይውል ይሆን ብላ አያቴ ከአሁኑ መጠየቅ ጀምራለች። ኬኩ ሳያምራት አልቀረም።